ከአንድ ገዢ የመጣ ገንዘብ ለሻጮችና ለመድረኩ ሲከፋፈል

ብዙ ሻጮች በአንድ ድረ ገጽ የሚሸጡበትን የገበያ መድረክ የሚያቋቁም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማየት አለበት። አንደኛው፣ ገዢው የከፈለው ገንዘብ የማን የማን ነው? ሁለተኛው፣ ባለመብቱ ድርሻውን የሚወስደው መቼ ነው? የመጀመሪያው ገዢው በከፈለበት ቅጽበት ይመለሳል። የሁለተኛው መልስ ግን ዕቃው ገዢው እጅ እስኪገባ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ አልፎ ይቆያል። ሁለቱን በአንድ እርምጃ ለመጨረስ የሚቸኩል መድረክ ዕቃ በተመለሰ ቁጥር ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ይህ የሚሆንበትን ምክንያት በአንድ ምሳሌ ቀስ ብለን እንከተለው።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተከፈተ አንድ መድረክ አለ እንበል። የካርድ ክፍያ የሚቀበለው በስትራይፕ በኩል ነው። ሲያትል የምትኖር ገዢ ሰኞ ዕለት በአንድ ትዕዛዝ ሁለት ነገር ትገዛለች፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለች ሻጭ የ40 ዶላር በርበሬ፣ አሌክሳንድሪያ ካለች ልብስ ሰፊ ደግሞ የ160 ዶላር የሐበሻ ቀሚስ። ከካርዷ አንድ ጊዜ 200 ዶላር ይቆረጣል። የመድረኩ ኮሚሽን 12 በመቶ ነው። የመላኪያው ወጪ በዋጋው ውስጥ ተካቷል ብለን እንለፈው።

ክፍፍሉ በትዕዛዙ ጠቅላላ ድምር ላይ አይሠራም፤ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ይሠራል። ከበርበሬው 4 ዶላር ከ80 ሳንቲም ኮሚሽን ይነሣል፣ ለሻጯ 35 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይቀራል። ከቀሚሱ 19 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይነሣል፣ ለሰፊዋ 140 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ደንብ አለ፦ ኮሚሽኑ ብቻ በስሌት ይገኛል፣ የሻጩ ድርሻ ደግሞ በመቀነስ። ሁሉንም ድርሻ ለየብቻው አስልቶ ማጠጋጋት ሳንቲም ያጠፋል ወይም ይፈጥራል። ለምሳሌ የ10 ዶላር ቅናሽ እኩል ዋጋ ላላቸው የሦስት ሻጮች ዕቃዎች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 3 ዶላር ከ33 ሳንቲም ይደርሳል፣ ድምሩም 9 ዶላር ከ99 ነው። የቀረችው አንዲት ሳንቲም ለማን እንደምትሄድ አስቀድሞ ካልተወሰነ የቀኑ ሒሳብ አይዘጋም። ሒሳቡን በዶላር ነጥብ ሳይሆን በሙሉ ሳንቲም መያዝም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ስትራይፕ ራሱ 140.80 ዶላርን የሚቀበለው 14080 ተብሎ ሲጻፍለት ነው።

የሽያጭ ታክስ ከተሰበሰበ ደግሞ ኮሚሽኑ ከመሰላቱ በፊት ለብቻው ይቀመጣል። የግዛቱ መንግሥት ገንዘብ ስለሆነ ኮሚሽን አይቆረጥበትም፣ ለሻጭም አይደርስም።

አሁን የካርዱን ክፍያ የሚያስተናግደው ድርጅት ይመጣል። በአሜሪካ የስትራይፕ መደበኛ ዋጋ ለአገር ውስጥ ካርድ 2.9 በመቶ እና 30 ሳንቲም ነው። ከ200 ዶላር ላይ 6 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይወስዳል ማለት ነው። በምሳሌያችን ይህን ወጪ መድረኩ ችሎታል፤ ስለዚህ ከ24 ዶላር ኮሚሽኑ በእጁ የሚቀረው 17 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነው። ለሻጮቹ 176፣ ለመድረኩ 17.90፣ ለስትራይፕ 6.10፤ ድምሩ 200 ይመጣል። ያቺን 30 ሳንቲም ግን አትናቁ። በ12 በመቶ ኮሚሽን የሚሠራ መድረክ ጠቅላላ ዋጋው ከ3 ዶላር ከ30 ሳንቲም ገደማ ባነሰ ትዕዛዝ ሁሉ ይከስራል፤ የሚያገኘው ኮሚሽን ለካርዱ ከሚከፍለው ያንሳል። እንደ ጧፍ ወይም ትንሽ ፓኬት ዕጣን ያለ ዕቃ ብቻውን እንዲታዘዝ ከመፍቀዳችሁ በፊት ይህን አስሉት።

እስካሁን አንድም ገንዘብ ወደ ሻጭ አልሄደም። የተደረገው በመዝገብ ላይ ዕዳ መጻፍ ብቻ ነው፦ መድረኩ ለበርበሬ ሻጯ 35.20፣ ለሰፊዋ 140.80 ዕዳ አለበት። በዚህ ጊዜ መድረኩ እንደ ዕቁብ ዳኛ ነው፤ ገንዘቡ በእጁ ቢሆንም የእሱ አይደለም።

ቀጣዩ የጊዜው ነገር ነው። ሰኞ የተከፈለው ገንዘብ በአሜሪካ መደበኛ አሠራር ከሁለት የሥራ ቀን በኋላ፣ ረቡዕ፣ በመድረኩ ሒሳብ ላይ ሊንቀሳቀስ የሚችል ይሆናል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ስለደረሰ የሻጩ ተራ የደረሰ ይመስላቸዋል። ረቡዕ የሚነግረን ባንኮቹ እርስ በርስ መጨረሳቸውን ብቻ ነው፤ ቀሚሱ መሰፋት አለመሰፋቱን አይነግረንም። የመልቀቂያው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ዕቃው ከደረሰበት ቀን መሆን አለበት። መድረካችን ዕቃው በደረሰ በ7ኛው ቀን ይለቃል እንበል። በርበሬው ዓርብ ደረሰ፣ ድርሻው በሚቀጥለው ዓርብ ይለቀቃል። ቀሚሱ ለመሰፋት ጊዜ ወስዶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ደረሰ፤ የሰፊዋ ድርሻ በተከታዩ ሰኞ ይለቀቃል። ክፍያው አንድ ነው፣ መልቀቂያው ግን ሁለት ነው። የበርበሬ ሻጯ ቀሚስ እስኪሰፋ የምትጠብቅበት ምክንያት የለም።

በስትራይፕ ይህን የሚፈቅደው ክፍያውን በመድረኩ ስም ተቀብሎ ዝውውሩን በኋላ ለየብቻ የሚያደርገው መንገድ ነው። የሰፊዋ ቀን ሲደርስ የሚላከው ትእዛዝ ይህን ይመስላል፦

```
curl https://api.stripe.com/v1/transfers \
  -u "$STRIPE_KEY:" \
  -H "Idempotency-Key: order501-kemis" \
  -d amount=14080 \
  -d currency=usd \
  -d destination="$SELLER_ACCOUNT" \
  -d source_transaction="$CHARGE_ID"
```

`source_transaction` ዝውውሩን ገዢዋ ከፈጸመችው ክፍያ ጋር ያያይዘዋል። `Idempotency-Key` ደግሞ ኔትወርክ ተቋርጦ ትእዛዙ ሁለት ጊዜ ቢላክ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ እንዳይሄድ ይጠብቃል። ይህ ጥበቃ ግን ዘለዓለማዊ አይደለም፤ ስትራይፕ ቁልፉን ቢያንስ ለ24 ሰዓት ነው የሚያስታውሰው። አንድ ዕዳ ከተከፈለ በኋላ በመዝገባችሁ ላይ «ተከፍሏል» ተብሎ መዘጋት አለበት፤ የተዘጋ ዕዳም ዳግም እንዳይከፈል የራሳችሁ ፕሮግራም ይከልክል።

ዝውውሩ ሲፈጸም ገንዘቡ በሰፊዋ የስትራይፕ ሒሳብ ላይ ነው፤ ባንኳ ገና አልገባም። ወደ ባንክ የሚላከው በተመረጠው መርሐ ግብር መሠረት በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ነው። ሻጮች «ገንዘቤ ተለቋል ተብሎ አልደረሰኝም» ብለው የሚደውሉት በእነዚህ ሁለት እርምጃዎች መካከል ነው። ስለዚህ የሻጭ ገጽ ላይ «በመጠበቅ ላይ»፣ «የተለቀቀ» እና «ወደ ባንክ የተላከ» የሚሉት ሦስቱ ተለይተው ይታዩ፤ ከእያንዳንዱም ጎን ቀኑ ይጻፍ።

የመድረኩ የራሱ ሒሳብም መርሐ ግብር አለው፤ ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚያ ነው። የመድረኩ ሒሳብ ያለውን ሁሉ በየቀኑ በራሱ ጊዜ ወደ መድረኩ ባንክ እንዲልክ ከተተወ፣ ለሰፊዋ የተቀመጠው 140.80 ረቡዕ ዕለት ተጠርጎ ይወጣል። ከሳምንታት በኋላ ቀኗ ሲደርስ ሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ አይገኝም። ባለቤቱ በባንኩ ያየውን ገንዘብ ትርፍ መስሎት ኪራይ ከፍሎበት ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በየማታው ሁለት ቁጥሮች ይተያዩ። አንዱ በስትራይፕ ያለው የመድረኩ ቀሪ ሒሳብ ነው፣ ሌላው በመዝገብ ላይ ለሻጮች ያልተከፈለው ዕዳ ድምር። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ካነሰ መድረኩ የሰው ገንዘብ እየተጠቀመ ነው። መፍትሔው የመድረኩን ወደ ባንክ መላኪያ በእጅ ማድረግና ከዕዳው በላይ የሆነውን ብቻ ማውጣት ነው።

አሁን ቀሚሱ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ገዢዋ ልኩ አልሆነኝም ብላ መለሰችው እንበል። የሰፊዋ ድርሻ ገና አልተለቀቀም። መድረኩ 160 ዶላሩን ይመልሳል፣ የ140.80 ዕዳውን ይሰርዛል፣ የ19.20 ኮሚሽኑንም ይተዋል። ነገሩ በሰላም ያለቀ ይመስላል፤ ሒሳቡን ግን ተመልከቱት። ስትራይፕ ገንዘብ ሲመለስ ቀድሞ የወሰደውን 6.10 አይመልስም። መድረኩ ከበርበሬው 4.80 አግኝቶ 6.10 ከፍሏል፤ በዚህ ትዕዛዝ 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ከስሯል። ከ6.10 ውስጥ የቀሚሱ ድርሻ 4.88 ነው። ይህን ማን ይችላል? እንደ እኔ አስተያየት ጥፋቱ የሰፊው ከሆነ፣ ለምሳሌ ልኩ ከታዘዘው ውጭ ከተሰፋ፣ ሰፊው ይክፈል፤ ገዢዋ ሐሳቧን ለውጣ ከሆነ መድረኩ ይቻል። የትኛውም ቢመረጥ ግን ሻጩ ከመመዝገቡ በፊት ሊያውቀው ይገባል።

ከባዱ ሁኔታ ቀሚሱ የተመለሰው ገንዘቡ ለሰፊዋ ተለቆ፣ ባንኳ ገብቶ ካለቀ በኋላ ሲሆን ነው። ዝውውሩ ለየብቻ በሚደረግበት በዚህ መንገድ ለገዢ ገንዘብ መመለስ ዝውውሩን አብሮ አይመልሰውም። 160 ዶላሩ በሙሉ ከመድረኩ ሒሳብ ይወጣል፤ 140.80ውን ከሰፊዋ ለማስመለስ ሌላ ትእዛዝ ያስፈልጋል። በሒሳቧ ላይ ያን ያህል ገንዘብ ከሌለ ይህ ትእዛዝም ላይሳካ ይችላል። ያኔ የዕዳው አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ሰፊዋ ለመድረኩ 140.80 ዕዳ አለባት ተብሎ ይመዘገብና ከሚቀጥሉት ሽያጮቿ ይቀነሳል። ሽያጭ ካቆመች ኪሳራው የመድረኩ ነው።

የሰባት ቀኑ ቆይታ ይህን አደጋ ያሳንሳል እንጂ አያጠፋም። ካርድ ያዢ ለባንኩ ቅሬታ የሚያቀርብበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ እስከ 120 ቀን ይደርሳል። እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲመጣ ገንዘቡ ከመድረኩ ሒሳብ ላይ ይነሣል፤ በአሜሪካ ስትራይፕ 15 ዶላር የክርክር ክፍያ ይጨምርበታል። የሻጭን ገንዘብ ለአራት ወር መያዝ ግን ሰፊዋን ጨርቅ መግዣ ያሳጣታል፤ ያ ፍትሐዊ አይደለም። የተሻለው ለአዲስ ሻጭ ብቻ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ጥቂት ድርሻ፣ ለምሳሌ አሥር በመቶ፣ ለተወሰነ ጊዜ ማስቀመጥና ሥራው ሲታመን መልቀቅ ነው። ከሰፊዋ 140.80 ላይ ይህ 14.08 ይሆናል፤ በገጿም ላይ በስሟ የተቀመጠ ገንዘብ መሆኑ የሚለቀቅበት ቀን ታክሎ ይታይ።

መድረክ ልትከፍቱ ያሰባችሁ፣ የመጀመሪያውን ሻጭ ከመመዝገባችሁ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች በውሉ ላይ በግልጽ አማርኛ ጻፉ፦ ኮሚሽኑ በምን ላይ እንደሚሰላ፣ ገንዘቡ ዕቃው በደረሰ በስንተኛው ቀን እንደሚለቀቅ፣ ዕቃ ሲመለስ የካርዱን ወጪ ማን እንደሚችል፣ ከተከፈለ በኋላ የመጣ ዕዳ ከየትኛው ሽያጭ እንደሚቀነስ።