ደጋን ከማዘዛችሁ በፊት ክንዳችሁን ለኩ

አዳማ ላይ ቀስት ለመጀመር ቆርጣችሁ ተነስታችኋል እንበል። እሰየው! ዕቃውን ግን ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ ነው የሚልክላችሁ። ዘመድ ደግሞ ይወዳችኋል፤ «ለጎበዝ ጎበዝ ደጋን ነው የሚመጥነው» ይልና 40 ፓውንድ የተጻፈበትን ይገዛል። እንዲህ ያለው ደጋን ጥቂት ቀን ትከሻ አሳምሞ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይከርማል። ይህ እንዳይሆን ዘመዳችሁ ሱቅ ሳይገባ ሦስት ቁጥር ላኩለት፤ የመሳቢያ ርዝመታችሁን፣ የደጋኑን ፓውንድና የቀስቱን ስፓይን። ለሁሉም መነሻው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው።

ግድግዳ ተደግፋችሁ ሁለት እጃችሁን ወደ ጎን ዘርጉ፤ ሌላ ሰው ከመሃል ጣት ጫፍ እስከ መሃል ጣት ጫፍ ይለካችሁ። የተገኘውን ሴንቲ ሜትር በ2.54 ብታካፍሉት ኢንች ይሆናል፤ ያንን ደግሞ በ2.5 አካፍሉት። የምታገኙት አውታሩን እስከ አገጫችሁ ስትስቡ የምትደርሱበት ርዝመት ግምት ነው።

ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ሪከርቭ የሚባለው፣ ኦሎምፒክ ላይ የምናየው ደጋን ላይ የተጻፈው ፓውንድ የሚሠራው 28 ኢንች ለሚስብ ሰው ብቻ ስለሆነ ነው። ከዚያ አንድ ኢንች ባነሰ ቁጥር ወደ 2 ፓውንድ ይቀንሳል፣ አንድ ኢንች በጨመረ ቁጥር ደግሞ በዚያው መጠን ይጨምራል።

አንድ ቤት የሚኖሩ እህትና ወንድም እንውሰድ። የእህት ክንድ ሲዘረጋ 165 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህ 65 ኢንች ሲሆን በ2.5 ሲካፈል 26 ይመጣል። የወንድም 185 ነው፤ ስሌቱ ወደ 29 ያደርሰዋል። ሁለቱም 24 ፓውንድ የተጻፈበትን አንዱን ደጋን በየተራ ያነሳሉ። እህት ጣቷ ላይ የሚያርፈው 20 ፓውንድ፣ ማለትም 9 ኪሎ ገደማ ነው። ወንድም 26 ይስባል፣ 12 ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ደጋኑ ያው ነው፤ ልዩነቱ ግን 6 ፓውንድ ነው። የዘመዱን ባለ 40 ቢያነሳው ደግሞ ወንድም 42 ፓውንድ፣ 19 ኪሎ በሦስት ጣት ይጎትታል ማለት ነው። አንድ ጊዜ መሳብስ አያቅተውም። ግን የ70 ሜትር ውድድር ማጣሪያው 72 ቀስት ነው።

እንግዲህ ስንት ይሁን? ለጀማሪ ሴት ጣት ላይ ከ16 እስከ 22፣ ለጀማሪ ወንድ ከ20 እስከ 26 ፓውንድ ጥሩ መነሻ ነው፤ ልጆች ከዚያም ያንሳሉ። በእኔ አስተያየት ሁለት ቁጥር መሃል ስታመነቱ ትንሹን ውሰዱ። መፈተኛውም ቀላል ነው። ደጋኑን በትከሻ ቁመት ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ አስር ሴኮንድ ያዙ፣ ሳትለቁ በቀስታ መልሱ፤ ጥቂት አርፋችሁ ድገሙት። ቀስት ሳይኖር አውታሩን መልቀቅ ደጋኑን ሊሰብር ይችላል፣ እንዳትሞክሩት። ለመሳብ ደጋኑን ወደ ሰማይ ካነሳችሁ፣ ደጋን የያዘው ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ደጋኑ ከብዷችኋል። ዒላማው ላይም ይታወቃል፤ እጅ አንዴ አገጭ ይደርሳል አንዴ አይደርስም፣ ቀስቶቹም ላይና ታች ይበተናሉ።

የአዳማ ሰው እዚህ ላይ የሚያነሳው ክርክር አለ፤ «የእኛ ከተማ ንፋስ ለቀላል ደጋን አይሆንም» ይላል። እውነት ነው፣ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የአዳማ አንድና ሁለት የንፋስ ማመንጫዎች ያለ ነገር አልተተከሉም። ፈጣን ቀስት በንፋስ የሚወሰደው ባነሰ መጠን መሆኑም ልክ ነው። ነገር ግን ጀማሪ የሚወረውረው ከ10 እስከ 18 ሜትር ነው፤ በዚህ ርቀት ንፋስ ቀስቱን ከሚያዞረው ይልቅ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ የሚያበላሸው ይበልጣል። አዳማም ሁኑ ሞጆ፣ መቂም ሁኑ ባቱ፣ ማለዳ ንፋሱ ሳይነሳ ተለማመዱ፤ ከባድ ደጋን የሚያስፈልግበት 70 ሜትር ገና ነው።

ሦስተኛው ቁጥር ስፓይን ነው፤ የቀስቱ እንጨት፣ አሉሚኒየም ወይም ካርቦን ምን ያህል እንደሚጎብጥ ይናገራል። ቀስቱ በ28 ኢንች ርቀት፣ 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ባሉ ሁለት ድጋፎች ይጋደማል፣ መሃሉ ላይ 880 ግራም ይንጠለጠልበታል። አንድ ኢንች ከረገበ ስፓይኑ 1000 ነው፣ ግማሽ ኢንች ከረገበ 500። ቁጥሩ ሲያድግ ቀስቱ ይለሰልሳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተቃራኒ መስሎት ነው።

ልክ የሚሆነውን የሚወስነው ፓውንዱ ብቻ አይደለም። ጣት አውታሩን ሲለቅ ቀስቱ ይጎብጥና የደጋኑን እጀታ ዞሮ ያልፋል፤ መጉበጡም ከግፊቱ ጋር መመጣጠን አለበት። እዚህ ላይ ርዝመት ብዙ ይሠራል። ረጅም የወንጂ ሸንኮራ ጫፉን ብትይዙት ይወዛወዛል፣ ከዚያው የተቆረጠ አጭሩ ግን ቀጥ ይላል። የቀስት ጫፍ ብረት ሲከብድም ቀስቱ እንደ ለሰለሰ ይሆናል።

ወደ እህትና ወንድም እንመለስ። ጀማሪ ሲሠለጥን ጀርባው ስለሚከፈት የሚስበው ይረዝማል፤ አጭር ቀስት ደግሞ ከማረፊያው ወደ ኋላ ወድቆ እጅ ሊወጋ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ከመሳቢያቸው 2 ኢንች የሚረዝም ቀስት ያዝዛሉ። እህት በ20 ፓውንድና በ28 ኢንች ቀስት ከ1000 እስከ 1200 ያለውን ትፈልጋለች። ወንድም በ26 ፓውንድና በ31 ኢንች ከ700 እስከ 800 ያለውን። የመጨረሻውን ቁጥር ከአምራቹ ሠንጠረዥ አረጋግጡ፤ ሠንጠረዡ ላይ የምታስገቡት ግን ጣት ላይ ያለውን ፓውንድ ነው፣ ደጋኑ ላይ የተጻፈውን አይደለም። የአሉሚኒየም ቀስት ላይ ያለው ቁጥርም እንዳያሳስታችሁ። 1816 ማለት ውፍረቱ 18/64 ኢንች፣ የግድግዳው ውፍረት 16 ሺኛ ኢንች ነው እንጂ ስፓይን አይደለም፤ ስፓይኑ 750 አካባቢ ስለሆነ ለወንድም ይሆናል። 1616 ደግሞ ወደ 1080 ስለሚጠጋ ለእህት።

ምርጫው መስመሩን መያዙን የምታውቁት አለቃቀቃችሁ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ብትፈትኑት የምትለኩት ጣታችሁን እንጂ ቀስቱን አይደለም። በ18 ሜትር ላባ ያላቸውን ሦስት ቀስቶች፣ ቀጥሎ ላባዎቹ በሙሉ የተነሱለትን አንድ ቀስት ወርውሩ። በቀኝ እጅ ለሚስብ፣ ላባ የሌለው ከሌሎቹ በስተግራ ካረፈ ቀስቱ ግትር ነው፤ ከበድ ያለ ጫፍ አድርጉለት። በስተቀኝ ካረፈ ለስላሳ ነው፤ ጫፉን አቅልሉት፣ ወይም መሳቢያችሁ ከጸና በኋላ ከተረፈው ርዝመት ላይ በትንሽ በትንሹ አስቆርጡ። ግራኝ ከሆናችሁ ግራና ቀኙን ለዋውጡት።

ደጋኑን ሲያዝ ዘመዳችሁ ክንፎቹ ተፈትተው የሚቀየሩበትን ዓይነት ይምረጥ። 72 ቀስት ጨርሳችሁ የመጨረሻው እንደ መጀመሪያው ቀጥ ብሎ ከተሳበ፣ እጀታው ይቆይና ክንፉ ብቻ ከ2 እስከ 4 ፓውንድ ይጨመራል። ያኔ የሻንጣ ሚዛን አውታሩ ላይ አንጠልጥላችሁ እስከ መሳቢያችሁ ሳቡ፤ በተነበበው ፓውንድ ሠንጠረዡን እንደገና ተመልከቱ፣ ስፓይኑም አብሮ መቀየር ሊኖርበት ይችላልና።