የከፍታና የሙቀት ስላይድ አነባበብ፦ ስሎፕ፣ ኢንተርሴፕትና R² የሒሳብ ተማሪ ላልሆነ አንባቢ

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ብርሃን የሚገባ መንገደኛ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ይወጣል። ሸዋ ሮቢት ላይ ነጠላ ይበቃዋል፤ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ ገበያተኛም ይህንኑ ለውጥ በተቃራኒው ያየዋል። የአገሬው ሰው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ የከፈለውን ነገር የጂኦግራፊ ወይም የግብርና ተመራማሪ በአንድ መስመር ሊገልጸው ይሞክራል። መስመሩም በነጥቦች ሥርጭት ሥዕል ላይ ተሠምሮ፣ ከጎኑ ሦስት ቁጥሮች ተጽፈው፣ በስላይድ ይቀርባል። ችግሩ የሚጀምረው ፈታኙ «እስቲ እነዚህን ቁጥሮች አብራሪልን» ሲል ነው።

ለማሳያ የሚከተሉት አምስት ነጥቦች ይወሰዱ። ቁጥሮቹ ስሌቱ እንዲቀል ለትምህርት የተዘጋጁ እንጂ ከሜትዎሮሎጂ ጣቢያ የተገኙ ልኬቶች አይደሉም፤ የከፍታው ክልል ግን ከላይ ከተጠቀሰው መንገድ ጋር ይቀራረባል።

| ከፍታ በሜትር | አማካይ ዓመታዊ ሙቀት በዲግሪ ሴልሺየስ |
|---|---|
| 1,200 | 22 |
| 1,600 | 20 |
| 2,000 | 18 |
| 2,400 | 14 |
| 2,800 | 13 |

ኤክሴል በነጥቦቹ መካከል መስመር ሲያሠምር በሥዕሉ ላይ የሚጽፈው ይህን ነው፦

```
y = -0.006x + 29.4
R² = 0.973
```

ሒሳብ ያላጠናች ተማሪ በመጀመሪያ የምታየው 0.006ን ነው። ቁጥሩ ለዜሮ የቀረበ ስለሚመስላት «ከፍታ በሙቀት ላይ ያለው ተጽዕኖ እጅግ አነስተኛ ነው» ብላ ትጽፋለች። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር የጥናቱ ውጤት ይገለበጣል። ስሎፕ የሚባለው የመስመሩ ዝንባሌ ራሱን የቻለ ቁጥር አይደለም፤ «በስንት ስንት» የሚል ተመን ነው። እዚህ ላይ ከፍታው በአንድ ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ በ0.006 ዲግሪ ይቀንሳል ማለት ነው። የአንድ ሜትር ልዩነት ደግሞ ከአንድ የግቢ አጥር ቁመት እንኳ ያነሰ ስለሆነ ማንም ሰው ለውጡን አይሰማውም። ከፍታው በኪሎ ሜትር ቢመዘገብ ያው ስሎፕ −6 ሆኖ ይታያል። መስመሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መለኪያው ብቻ ነው። እንግዲህ ስሎፕ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ቁጥሩን በእውነተኛው የከፍታ ልዩነት በማባዛት ነው፦ ከ1,200 እስከ 2,800 ያለው 1,600 ሜትር በ0.006 ሲባዛ 9.6 ዲግሪ ይሆናል። ይህም ነጠላን ከጋቢ የሚለይ ልዩነት ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት ሙቀት በአንድ ኪሎ ሜትር 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ −6 የሚለው ውጤት እንግዳ አይደለም፤ የተገኘው ስሎፕ −0.6 ወይም −60 ቢሆን ኖሮ ግን የመለኪያ ወይም የአመዘጋገብ ስሕተት መኖሩን መጠርጠር ይገባ ነበር።

በዚሁ አጋጣሚ ኤክሴል ቁጥሮችን አሳጥሮ እንደሚጽፍ ማስታወስ ይጠቅማል። እውነተኛው ስሎፕ −0.0064 ሆኖ ስላይዱ ላይ −0.006 ቢጻፍ፣ ለ2,800 ሜትር በሚደረገው ግምት ላይ ከአንድ ዲግሪ የሚበልጥ ስሕተት ይፈጠራል። ስለዚህ ግምት ከማስላት በፊት ከነጥቡ በኋላ የሚታዩትን አሐዞች መጨመር ያስፈልጋል።

29.4 ደግሞ ኢንተርሴፕት ነው፤ ከፍታው ዜሮ ሲሆን መስመሩ የሚሰጠው ሙቀት። ዜሮ ከፍታ ማለት የባሕር ወለል ነው፤ በሰሜን ሸዋ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ከነጥቦቹም ዝቅተኛው 1,200 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ «የአካባቢው መነሻ ሙቀት 29.4 ነው» ማለት ማንም ያልለካውን ነገር መናገር ይሆናል። ቁጥሩ መስመሩን በቦታው ለማቆም ያስፈልጋል፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም እንዲሸከም ግን ሊገደድ አይገባም። ትርጉም ያለው መነሻ የሚፈልግ ሰው ቀላል መንገድ አለው፦ ከእያንዳንዱ ከፍታ ላይ 2,000 ቀንሶ መስመሩን እንደገና ማስላት ነው። ያን ጊዜ ስሎፑም R²ም ሳይነኩ ኢንተርሴፕቱ 17.4 ይሆናል፤ ትርጉሙም «በ2,000 ሜትር ላይ የሚገመተው አማካይ ሙቀት» ነው። ይህንን የወይና ደጋ ገበሬም ይረዳዋል።

የሚቀረው R² ነው፤ ብዙ ጊዜ «97 በመቶ ትክክል ነው» ተብሎ በስሕተት የሚነበበውም እርሱ ነው። ትርጉሙን ለመያዝ ስለ ቦታው ከፍታ ምንም የማያውቅ ገማች ይታሰብ። ይህ ሰው ለአምስቱም ቦታዎች የሚሰጠው የተሻለ ግምት አማካዩ 17.4 ነው። እያንዳንዱ ሙቀት ከዚህ አማካይ የራቀበት መጠን በራሱ ተባዝቶ ሲደመር 59.2 ይመጣል። ከፍታን የሚያውቀው ገማች ግን በመስመሩ ይጠቀማል፤ የእርሱ ስሕተቶች −0.2፣ 0.2፣ 0.6፣ −1.0 እና 0.4 ሲሆኑ በተመሳሳይ መንገድ ሲደመሩ 1.6 ብቻ ይሆናሉ። 1.6 ለ59.2 ሲካፈል 0.027 ነው፤ ከአንድ ሲቀነስ 0.973። ስለዚህ በአምስቱ ቦታዎች መካከል ከሚታየው የሙቀት ልይይት 97 በመቶ ያህሉ ከከፍታ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ከፍታ የሙቀት ለውጥ መንስኤ መሆኑ የሚታወቀው ከአየር ጠባይ ዕውቀት እንጂ ከR² አይደለም።

R² በተመረጡት ቦታዎች ስፋት ላይም ይመሠረታል። ተማሪዋ ቆላውን ትታ ከ2,000 ሜትር ጀምሮ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ብቻ ብትወስድ ስሎፑ በኪሎ ሜትር −6.25 ይሆናል፤ ከፊተኛው እምብዛም አይለይም። R² ግን ወደ 0.89 ይወርዳል። የከፍታው ሕግ አልደከመም፤ የሚገለጸው ልይይት ስላነሰ ብቻ ነው። በደጋ ብቻ የተሠራን ጥናት ከቆላ እስከ ደጋ ከተሠራው ጋር በR² እያነጻጸሩ «ያኛው ይበልጣል» ማለት የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ ዓይን ወደ ነጥቦቹ ይመለስ። 2,400 ሜትር ላይ ያለው ነጥብ ከመስመሩ አንድ ሙሉ ዲግሪ ዝቅ ብሏል። በእውነተኛ መረጃ እንዲህ ያለ ነጥብ ሲገኝ ቦታውን መጠየቅ ይገባል፦ ጣቢያው ጉም በሚያዘወትረው ገደል አፋፍ ላይ ነውን? ወይስ ሜዳ ላይ? ለደብረ ብርሃን ገበሬ ጥያቄው ከዚህም ይከብዳል። ባቄላውን የሚያቃጥለው ውርጭ የሚወርደው በጠራ ሌሊት ነው፤ በእንዲህ ያለ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከብዶ ወደ ረባዳው ስለሚወርድ ከዳገቱ ይልቅ ዝቅ ያለው ማሳ ቀድሞ ሊመታ ይችላል። በዓመታዊ አማካይ የተሠራው መስመር ለዚያች ሌሊት የተገላቢጦሽ ምክር ይሰጣል፤ 0.973 የሚለው ቁጥርም ይህንን አያሳይም። የውርጭን አደጋ የምታጠና ተማሪ በአማካዩ ፈንታ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት በቋሚው መስመር ላይ አድርጋ፣ የጥቅምትን፣ የኅዳርንና የታኅሣሥን መረጃ ለይታ፣ ሥዕሉን እንደገና መሥራት ይኖርባታል።