«ገበያው ስንት ይሆናል?» ብለው ሲጠይቋችሁ

አንድ አማካሪ ድርጅት ለሥራ ጠርቷችሁ ቃለ መጠይቅ ላይ ናችሁ እንበል። ጠያቂዋ «የአዲስ አበባ የሕፃናት ዳይፐር ገበያ ምን ያህል ይሆናል?» ትላችኋለች። ስልክ የለ፣ ካልኩሌተር የለ፤ ያለው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው። አይዟችሁ! ትክክለኛውን ቁጥር እሷም በቃሏ አትይዘውም። ማየት የምትፈልገው እንዴት እንደምትደርሱበት ነው። በሉ፣ አብረን እንሥራው።

አንደኛ፦ ጥያቄውን አጥብቡት። «ገበያ» ሲባል በፍሬ ነው በብር? በዓመት ነው በወር? የአዋቂዎች ዳይፐርስ ይገባል? እነዚህን ሳትጠይቁ ከጀመራችሁ፣ ስሌታችሁ ልክ ቢሆን እንኳ የሌላ ጥያቄ መልስ ይሆናል። የእኛ ጠያቂ «በብር፣ በዓመት፣ የሚጣል የሕፃናት ዳይፐር ብቻ» አለችን እንበል። አሁን «አንድ ደቂቃ ላስብበት» በሉ፤ ነውር የለውም።

ሁለተኛ፦ ከቁጥሩ በፊት መንገዱን ጻፉ። የሕፃናት ብዛት፣ ሲባዛ በተጠቃሚዎች ድርሻ፣ ሲባዛ በቀን በሚያልቀው ዳይፐር፣ ሲባዛ በዓመቱ ቀናት፣ ሲባዛ በአንዱ ዋጋ። ይህን ጮክ ብላችሁ አስረዷት። የጎደለ ነገር ካለ አሁኑኑ ትነግራችኋለች፤ ስሌቱ ከተጋመሰ በኋላ ማረም ግን ከባድ ነው።

ሦስተኛ፦ ታሳቢዎቻችሁን ከነምክንያታቸው አስቀምጡ። የከተማውን ሕዝብ 4 ሚሊዮን እንበል። በዓመት ስንት ሕፃን ይወለዳል? ሕዝቡን ለ65 የዕድሜ ዓመታት እኩል ብናካፍል በየዓመቱ 60 ሺህ ገደማ ይደርሳል። አገሩ የወጣት አገር ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ማለት አለበት፤ የአዲስ አበባ እናቶች ግን ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ያነሰ ስለሚወልዱ ብዙ አይወጣም። 80 ሺህ እንያዝ። ልጅ ሁለት ዓመት ዳይፐር ያደርጋል ካልን፣ 160 ሺህ ሕፃናት አሉን።

እዚህ ላይ ብዙዎች ሁሉንም ሕፃን በአንድ ዓይን አይተው ያባዛሉ። ቤቱ ግን ሦስት ዓይነት ነው፦ ቀንም ማታም ዳይፐር የሚጠቀም፣ ለማታና ለመንገድ ብቻ የሚገዛ፣ ጨርቅ እያጠበ የሚያሳድግ። የመጀመሪያው 30 በመቶ ሆኖ በቀን 4፣ ሁለተኛው 40 በመቶ ሆኖ በቀን 1፣ ሦስተኛው ምንም አይጠቀም። 48 ሺህ ሲባዛ በ4፣ 192 ሺህ፤ 64 ሺህ ሲጨመርበት 256 ሺህ ዳይፐር በቀን።

አራተኛ፦ ቁጥሩን አለስልሱ፣ ዜሮዎቹን ጠብቁ። 256 ሺህን 250 ሺህ፣ 365 ቀንን 360 አድርጉት። በዓመት 90 ሚሊዮን ዳይፐር ይመጣል። አንዱን 15 ብር ብንል፣ 1.35 ቢሊዮን ብር። ሲያባዙ ዜሮ መጣል የተለመደ ስሕተት ነው፤ «ሺህ በሺህ ሚሊዮን» እያላችሁ በቃል አሰሙት።

አምስተኛ፦ መልሱን ራሳችሁ ፈትኑት። ብልጫ የሚገኘው እዚህ ነው። ሙሉ ቀን የሚጠቀም ቤት በወር 4 ሲባዛ በ30፣ ሲባዛ በ15፣ ማለትም 1,800 ብር ያወጣል። ለወር 10 ሺህ ብር ለሚያገኝ ቤተሰብ ይህ ከገቢው አምስተኛ የሚጠጋ ነው። ታዲያ 30 በመቶው ቤት ይችለዋል? ያጠራጥራል። ወደ 20 በመቶ እናውርደው፤ የተቀነሰው 10 በመቶ ለማታ ብቻ ወደሚገዛው ይዙር። አሁን በቀን 208 ሺህ፣ በዓመት ከ1.1 ቢሊዮን ብር ትንሽ ከፍ ይላል።

ልብ በሉ፦ የሕዝቡን ቁጥር በ10 በመቶ ብትስቱ መልሱም የሚዛነፈው በ10 በመቶ ብቻ ነው። ከመቶው ሕፃናት አሥሩ ብቻ ከሙሉ ቀን ወደ ማታ ሲዞሩ ግን ገበያው በ19 በመቶ ገደማ ወረደ። ስለዚህ ስለ ሕዝብ ብዛት አትከራከሩ፤ ጉልበታችሁን የሙሉ ቀን ተጠቃሚው ድርሻ ላይ አውሉት።

በመጨረሻ መልሱን ከነትርጉሙ ስጡ። «ገበያው ከ1 እስከ 1.3 ቢሊዮን ብር ይሆናል። ይበልጥ የሚወስነው የሙሉ ቀን ተጠቃሚው ድርሻ ነው፤ ደንበኛችን ፋብሪካ ከመክፈቱ በፊት ይህን በቤት ለቤት ጥናት ማጣራት ይኖርበታል» በሉ። ጠያቂዋ የምትሰማው ግምት ብቻ ሳይሆን የአማካሪ ምክር ነው።

ዛሬ ማታ ደግሞ በራሳችሁ ሞክሩ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በዓመት ስንት የመኪና ጎማ ይቀየራል? ታክሲውን፣ የቤት መኪናውንና የጭነት መኪናውን ለዩ፤ ጎማው ስንት ወር እንደሚቆይ ለየብቻ ገምቱ። ከዚያም አንዱን ታሳቢ ቀይራችሁ መልሱን በብዙ የሚያናውጠው የትኛው እንደሆነ ፈልጉ። እሱን ካገኛችሁ፣ ቀጣዩን ጥያቄ በልበ ሙሉነት ትጠብቁታላችሁ!