ጥቁር ዐይነ ምድር ሲታይ፦ ከክኒን ነው ወይስ ከደም?

በዚህ ትምህርት የምናነሣው ነገር በሰው ፊት ለመናገር የሚያሳፍር ይመስላል። ይሁን እንጂ ሰው ስለ ዐይነ ምድሩ ለመናገር አፍሮ አንድ ቀን ሲቆይ ሕይወቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ በግልጽ ልንነጋገርበት ይገባል። ስለ ልዩ ልዩ ቀለሞች አጠር አድርገን እንጠቅሳለን፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የምናተኩረው ብዙ ጊዜ በሚያሳስተው በጥቁሩ ላይ ነው።

በድሬዳዋ ገጠር፣ በዋሂል አካባቢ ያለ አንድ ቤተሰብ እናስብ። ምራቲቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ለደም ማነስ መከላከያ የተሰጣትን የአይረን ክኒን በየቀኑ ትውጣለች። አማቷ ማሽላ ሲያጭዱ የሰነበቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ከሱቅ የተገዛ ዲክሎፌናክ ለሁለት ሳምንት ያህል ሲውጡ ቆይተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ምግብ ሳይቀምሱ ነው። አንድ ማለዳ ሽማግሌው ዐይነ ምድራቸው ጥቁር ሆኖ አዩና ለልጃቸው ነገሩት። ምራቲቱም ሰምታ፣ «የእኔም እኮ ጥቁር ነው፤ ጤና ጣቢያ ስጠይቅ ምንም አይደለም ብለውኛል» አለች። ቤተሰቡ በዚህ ተጽናንቶ ዝም አለ።

ምራቲቱ ስለ ራሷ የተናገረችው እውነት ነው። ከአይረን ክኒን ውስጥ ሰውነት የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ሲሆን፣ የቀረው በአንጀት ውስጥ አልፎ ዐይነ ምድርን ያጠቁራል። ይህ ጥቁረት ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ ዐይነ ምድሩም እንደ ወትሮው የጠነከረ ነው፤ ሽታውም እምብዛም አይለወጥም። ክኒኑ በተጀመረ በጥቂት ቀናት ይመጣል፣ በቆመም በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት ይህን አይታ ክኒኑን ማቋረጥ የለባትም።

የሽማግሌው ግን ሌላ ነው። ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ የሚፈስ ደም፣ በጨጓራ አሲድና በአንጀት ውስጥ ባሉ ጀርሞች ተለውጦ ወደ ታች እስኪደርስ ድረስ ቀይነቱን አጥቶ ይጠቁራል። እንዲህ ያለው ዐይነ ምድር መንገድ ላይ እንደሚፈስ ሬንጅ ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃል፣ ለስላሳ ነው፤ ሽታውም ከወትሮው የተለየና እጅግ የሚከረፋ ነው። ለዚህም አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ደም ሊበቃ ይችላል።

ለመለየት የሚረዳ ቀላል መንገድ አለ። በእንጨት ጫፍ ጥቂት ወስደን በነጭ ወረቀት ላይ ቀብተን ጥቂት ውሃ ጠብ ብናደርግበት፣ ከዳር ቀይ ወይም የወይን ጠጅ ቀለም ከወጣ ደም ነው ብለን እንያዘው። ነገር ግን ይህ ሙከራ ፍጹም አይደለም፤ ቀይ አልወጣም ብለን ሰውን ቤት አናስቀምጥ። አይረን የምትወስድ እናትም ደም ሊፈሳት እንደሚችል አንርሳ። ዐይነ ምድሯ የሚጣበቅና የሚከረፋ ከሆነ ወይም ሲያዞራት ከታየ፣ «ከክኒኑ ነው» አይባልም።

ሽማግሌውን ያደማቸው ምንድር ነው? ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን ሕመምን ቢያስታግሡም የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳሉ፤ በሽማግሌዎች ላይ ደግሞ አደጋው ይበልጣል። ብዙዎቻችን የጨጓራ ቁስል ከበርበሬ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል። ሆኖም ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሐኪሞች በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአውስትራሊያ እንዳስረዱት፣ ዋነኛው ምክንያት ሄሊኮባክተር የሚባል ጀርም ነው። ይህ ጀርም ባለበት ጨጓራ ላይ እነዚያ ክኒኖች ሲጨመሩ መድማት ይቀላል። ሌላም ምክንያት አለ፦ በጉበት በሽታ ወይም በብልሃርዝያ የተነሣ በጉሮሮ ቧንቧ ላይ ያበጡ ደም ሥሮች ሲፈነዱ፣ ደሙ ብዙና ድንገተኛ ይሆናል።

ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። በማግሥቱ ሽማግሌው ለመነሣት ሲሞክሩ ዓይናቸው ጨለመባቸው፤ ላብ አጠመቃቸው፤ ከዚያም የቡና አተላ የሚመስል አስመለሳቸው። ልጃቸው የእጃቸውን ደም ሥር ይዞ ቢቆጥር በደቂቃ 120 ሆነ። ተቀምጦ ያረፈ ትልቅ ሰው ከ100 በላይ ከመታ፣ ከጥቁር ዐይነ ምድር ጋር ሲሆን፣ ብዙ ደም እንደ ፈሰሰ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ ሰዓት የሚባክንበት ጊዜ አይደለም።

የሚደረገው ይህ ነው። በሽተኛውን በጀርባው አስተኝተን እግሩን ከፍ እናደርጋለን፤ የሚያስመልሰው ከሆነ በጎኑ እናስተኛዋለን። የሕመም ማስታገሻውን ወዲያው እናቆማለን። የሚበላና የሚጠጣ፣ ወተትም ቢሆን፣ አንሰጥም። በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ እናደርሰዋለን፤ በዚያ በደም ሥር ፈሳሽ ተጀምሮለት ደም ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይላካል፤ ከዋሂል ሲሆን መንገዱ ወደ ድሬዳዋ ከተማ፣ ለምሳሌ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ነው። የክኒኑን ልጣፍ ይዘን እንሂድ። ደም ለመስጠት የሚችሉ ጤነኛ ዘመዶችም አብረው ይሂዱ።

እዚህ ላይ የፕሮጀክት ሠራተኞች የሚስቱባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የደም መጠን ምርመራ ደህና ሊመስል ይችላል፤ የቀረውም ደም ገና ስላልቀጠነ ነው። ስለዚህ «ደምህ ሙሉ ነው» መባል ብቻውን ወደ ቤት አይመልስም። ሁለተኛው፣ መድማቱ ከቆመ በኋላም ዐይነ ምድር ለጥቂት ቀናት ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ ማዞርን፣ የልብ ምትንና ማስመለስን እንከታተል።

ስለ ሌሎቹ ቀለሞች በአጭሩ፦ ጠንካራ ዐይነ ምድር ላይ በጥቂቱ የተቀባ ደማቅ ቀይ ደም ብዙ ጊዜ ከኪንታሮት ነው፤ ቢሆንም በቀጠሮ ይታይ። ደም ከንፍጥና ከቁርጠት ጋር የተቀላቀለበት የሕፃን ተቅማጥ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ። ሕፃኑ እየቆየ በቁርጠት እየጮኸ፣ እያስመለሰ፣ ቀይ ንፍጥ ካወጣ ግን አንጀቱ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ይሆናልና ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ። እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ብዙ ተቅማጥ ኮሌራ ሊሆን ስለሚችል፣ በመንገድ ላይም ኦ.አር.ኤስ. እየጠጣ ይሂድ።

እንደ ነጭ ጭቃ የገረጣ ዐይነ ምድር ሐሞት ወደ አንጀት አለመድረሱን ያመለክታል፤ ሽንት ይጠቁራል፣ ዓይንም ቢጫ ይሆናል። ከትኩሳትና ከቀኝ ጎን ሕመም ጋር ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የተወለደ ሕፃን ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈና ዐይነ ምድሩ ከገረጣ፣ የሐሞት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀዶ ጥገናው ይበልጥ የሚረዳው ሁለት ወር ሳይሞላው ስለሆነ «ፀሐይ ይሙቅ» ብለን አናቆየው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. የምራቲቱ ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ሽማግሌውን የጎዳቸው ለምንድር ነው?
2. በቤታችን ካሉት የሕመም ክኒኖች ጨጓራን የሚያደሙት የትኞቹ ናቸው?
3. በሌሊት አንድ ሰው የቡና አተላ የመሰለ ቢያስመልስ፣ ከሰፈራችን ጤና ጣቢያ በምን ይደርሳል? ማንስ አብሮት ይሄዳል?