ጥፋት የሌለበት ሰው ስለ ምን ይከፍላል?
ከብት ስለሚያደርሰው ጉዳት የተዘጋጀ ትምህርት

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፥ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለው ደጋ አገር፥ የአንዱ ማሳ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በጠባብ ወሰን ብቻ ነው። ገብስ ባሸተ ጊዜ አንድ በሬ በሌሊት ገመዱን በጥሶ ወደ ጎረቤት እርሻ ቢገባ፥ ሲነጋ ሁለት ሰዎች በሽማግሎች ፊት ይቆማሉ። አንደኛው «እህሌ ጠፋ፤ ይካስልኝ» ይላል። ሁለተኛውም «በሬውን በደኅና ገመድ አስሬ፥ በረቱንም ዘግቼ ነበር፤ ምን አጠፋሁና እከፍላለሁ?» ይላል። ሁለቱም እውነት መናገራቸው ይሆናል። እንግዲህ ሕጉ ማንን እንደሚሰማና ምክንያቱም ምን እንደ ሆነ እንመልከት።

1. በጥፋት ላይ የተመሠረተ አላፊነት

ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በአንቀጽ 2028፥ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ኪሣራውን እንዲከፍል ያዛል። ጥፋት የተባለውም አስቦ መጉዳት ብቻ አይደለም፤ ቸልተኝነትም ጥፋት ነው። ቸልተኝነቱም የሚመዘነው አንድ አስተዋይ ሰው በዚያ ጊዜና በዚያ ቦታ ሊያደርገው ይገባው ከነበረው ነገር ጋር ተነጻጽሮ ነው።

ለምሳሌ አንድ ገበሬ ቁጥቋጦ መንጥሮ ሲያቃጥል እሳቱ ተሻግሮ የጎረቤቱን የሣር ክምር ቢበላ፥ የሚጠየቀው እንዲህ ተብሎ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ነበርን ያቃጠለው? በዙሪያው ያለውን ሣር አስቀድሞ አጭዶ ነበርን? እሳቱን የሚጠብቅ ሰው አቁሞ ነበርን? ይህን ሁሉ አድርጎ ሳለ ያልታሰበ ዐውሎ ነፋስ ቢነሣ፥ ጥፋት የለበትምና በዚህ አንቀጽ አይከፍልም። ከሳሹም ጥፋቱን የማስረዳት ግዴታ አለበት።

የዚህ ደንብ ምክንያት ግልጽ ነው። ሰው በሥራው ሁሉ ሌላውን የሚነካበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ሳይሳሳት ለደረሰው ነገር ሁሉ የሚከፍል ቢሆን ኖሮ፥ የሚያርስም የሚሠራም በፈራ ነበር። ደግሞም የሚጠነቀቅ ሰው በጥንቃቄው ከዕዳ እንደሚድን ቢያውቅ፥ መጠንቀቁን ይወዳል።

2. ጥፋት ሳይኖር የሚመጣ አላፊነት

ከብትን በሚመለከት ግን ሕጉ ሌላ መንገድ ይዟል። በአንቀጽ 2071 እንደ ተደነገገው፥ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት አላፊ ነው፤ እንስሳው ድንገት ያመለጠ ቢሆንም፥ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆንም ነጻ አይወጣም። ስለዚህ በሬው ገመድ የበጠሰበት ሰው «በደኅና አስሬዋለሁ» ማለቱ እውነት ቢሆንም እንኳ ከክፍያ አያድነውም። ባለ ገብሱ የሚያስረዳው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ጉዳቱ መድረሱን፥ ያደረሰው ያ በሬ መሆኑን፥ በሬውም የማን እንደ ሆነ።

ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ባለ በሬው በበሬው ያርሳል፤ ጥቅሙን የሚወስድ ሰው ከጥቅሙ ጋር የሚመጣውን ጉዳት ቢሸከም የተገባ ነው። ሁለተኛ፥ ከብቱን ማሰር የሚችለው ባለቤቱ ነው፤ ባለ ገብሱ የሌላውን በሬ በሌሊት ሊጠብቅ አይችልም። ሦስተኛ፥ ገመዱ ያረጀ ይሁን ወይም አዲስ፥ በረቱም ክፍት ይሁን ወይም ዝግ፥ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። የተጎዳው ሰው ይህን አስረዳ ቢባል፥ እውነት ይዞ ሳለ ማስረጃ በማጣት ይረታ ነበር።

3. ጉዳቱ እንዴት ይገመታል?

ከላይ የተነገረውን ገብስ እንውሰድ። ሽማግሎቹ በማለዳ ወደ ማሳው ወርደው ኮቴውን፥ እበቱን፥ የተበጠሰውንም ገመድ ይመለከታሉ። ገብሱ ገና ቡቃያ ከሆነ የተጋጠው መልሶ ሊያቈጠቍጥ ስለሚችል፥ ፍርዱን ሳይቸኵሉ በመከር ጊዜ እንደ ገና ቢያዩት ይሻላል፤ ያሸተ ከሆነ ግን የተበላው አይመለስም። ከዚያ በኋላ ከጎኑ ካለው ያልተነካ እህል ጋር ያስተያዩታል። ማሳው 8 ኩንታል ይሰጥ የነበረ ሁኖ አሁን 5 ኩንታል ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፥ ጉዳቱ የ3 ኩንታል ዋጋ ነው፤ ከዚያም ላይ ለአጨዳና ለውቂያ ሊወጣ የነበረው ወጪ ይቀነሳል። ካሣው ከጉዳቱ ጋር እኩል መሆን ይገባዋልና፤ ሊበልጥም ሊያንስም አይገባም።

ባለ ማሳው እህሉን ሲያበላሽ ያገኘውን ከብት ለካሣው መያዣ ይዞ ማቆየት ይችላል፤ ነገር ግን ሳይዘገይ ለባለቤቱ ማስታወቅ አለበት። ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ እንደ ሆነም ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት።

4. ጥፋት ተመልሶ የሚጠየቅበት ቦታ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። ሕጉ ስለ ከብት ጥፋትን ፈጽሞ አይጠይቅም ማለት አይደለም፤ አላፊ ለመሆን ጥፋት አያስፈልግም፥ የዕዳውን ልክ ለመወሰን ግን ያስፈልጋል። በአንቀጽ 2074 የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው አስረክቦ ከዕዳው ነጻ ሊሆን ይችላል። ያችን 3 ኩንታል ያጠፋች አንዲት አሮጌ አህያ ብትሆንና ዋጋዋ ከጉዳቱ ቢያንስ፥ ባለቤቱ አህያይቱን ሰጥቶ ይሰናበታል። ጥፋት የሌለበት ድኻ በአንዲት ሌሊት ከእንስሳው ዋጋ በላይ ዕዳ ተሸክሞ እንዳይጠፋ የተደረገ ነው። ነገር ግን አህያይቱ አጥር እንደምትዘል ጎረቤቶቹ ነግረውት ሳለ ሳያስር ያደረ ከሆነ፥ ጥፋት አለበትና አህያይቱን መስጠት አያድነውም፤ ጉዳቱን በሙሉ ይከፍላል።

ይህ ልዩነት ለአገራችን ሽማግሎች እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21፥ በሬ የሌላውን በሬ ወግቶ ቢገድል ሁለቱ ባለቤቶች ጉዳቱን ይካፈላሉ፤ በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ታውቆ ባለቤቱ ያልጠበቀው እንደ ሆነ ግን፥ በሬ ስለ በሬ ይከፍላል። በዚያም ቢሆን የባለቤቱ ማወቅና አለማወቅ ዕዳውን ይለውጣል።

የተጎዳውም ሰው ጥፋት ይታያል። ባለ ገብሱ ራሱ በረቱን ከፍቶ ቢሆን፥ ወይም የተወጋው ሰው በሬውን ሲያስቈጣ ቢሆን፥ ካሣው እንደ ጥፋቱ መጠን ይቀነሳል ወይም ይቀራል። የሌላ ሦስተኛ ሰው ጥፋት ግን ባለቤቱን በተጎዳው ፊት ነጻ አያወጣውም። በሬውን በውሰት ወይም በኪራይ ወስዶ የሚያርስበት ሰውም፥ በእጁ ሳለ ለሚደርሰው ጉዳት አላፊ ነው፤ ባለቤቱ ከፍሎ እንደ ሆነም ከእርሱ ሊጠይቅ ይችላል።

ይኸው ሐሳብ ከከብት አልፎ ለመኪና ባለቤትና ከፍተኛ ኃይል ላለው የኤሌክትሪክ መስመርም ተደንግጓል፤ አደጋ የሚያመጣውን ነገር በእጁ ይዞ የሚጠቀምበት ሰው፥ ያልተጠቀመውን ሰው ይካስ ዘንድ ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. እሳት ያነደደው ገበሬ «ተጠንቅቄአለሁ» ሲል የሚሰማው፥ ባለ በሬው ግን የማይሰማው ስለ ምን ነው?
2. የበሬው ዋጋ ከጉዳቱ የሚበልጥ እንደ ሆነ ባለቤቱ የሚመርጠው ምንድር ነው? የሚያንስ እንደ ሆነስ?
3. እረኛው ተኝቶ ሳለ ከብቱ እህል ቢበላ፥ ሽማግሎቹ በመጀመሪያ ለባለ እህሉ ማንን ያስከፍላሉ?