የመነኰሳትን የዓለም ስም ስለ መፈለግ

መነኵሴ በሚመነኵስበት ቀን ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል። በሕይወት ያለው ሰው እንደ ሞተ ሆኖ ይጋደማል፤ ካህናቱም ለሙታን የሚጸለየውን ጸሎት ይጸልዩለታል፤ ከዚያም ቆብ ይደፋል፤ አዲስ ስም ከተሰጠውም ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚሁ ይጠራል። ለዓለም የሞተ ሰው በዓለም ስሙ አይጠራም ማለት ነው። ሥርዓቱ ለነፍስ ስላለው ትርጓሜ መምህራን ብዙ ስለ ተናገሩ ወደዚያ አንገባም። የዛሬው ጥያቄአችን፥ ያ የተቀበረ ስም አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ በምን መንገድ ይፈለጋል? የሚል ነው።

አስፈላጊ መሆኑም አይቀርም። ዘመዶቿ ለረጅም ጊዜ ያጧት ሴት በአንድ ገዳም በሌላ ስም አርፋ ትገኛለች፤ ተዝካሯን ሊያወጡ የሚሹ ልጆቿ ግን መቃብሯን ለይተው ማወቅ አይችሉም። ወይም አንድ ሊቅ ወጣት ሳለ የጻፈው ድርሰት በአንድ ስም፥ ከመነኰሰ በኋላ የጻፈው በሌላ ስም ተመዝግቦ፥ አንዱ ሰው በመዝገብ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሁለት የተለያዩ መነኰሳት በአንድ ስም ምክንያት እንደ አንድ ሰው መቈጠራቸው ነው፤ የተለያየውን ኋላ መግጠም ይቻላል፥ የተደባለቀውን መለየት ግን እጅግ ያስቸግራል።

ፈላጊው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው አንድ ሰው ስንት ስም ሊኖረው እንደሚችል ነው። የመጀመሪያው እናትና አባት ያወጡለት የዓለም ስም ነው። ሁለተኛው ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው። ሦስተኛው የምንኵስና ስም ነው። በመዓርግ ለሚያልፉት ደግሞ አራተኛ አለ፤ እርሱም ኤጲስ ቆጶስ ሲሾም የሚሰጠው ስመ ጵጵስና ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር በማደባለቅ ነው። አንድ መነኵሴ አባ ገብረ ሥላሴ ቢባል ይህ ስም በምንኵስናው ቀን የተሰጠ አዲስ ስም ሊሆን ይችላል፤ በ40 ቀኑ የተጠመቀበት የቀድሞ ስሙም ሊሆን ይችላል፤ ወላጆቹ ከመጀመሪያው ያወጡለት የቤት ስሙም ሊሆን ይችላል። ስሙን በማየት ብቻ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መፍረድ አይቻልም።

ምንኵስና ሁልጊዜ ስም ይለውጣል ብሎ መነሣትም ስሕተት ነው። በቅርቡ ዘመን የነበሩትን አባቶች ብንመለከት ብዙዎቹ መነኵሴ ከሆኑ በኋላም በፊተኛው ስማቸው ሲጠሩ ኖረዋል። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ እስከ ጵጵስናቸው ድረስ አባ መልእክቱ ወልደ ማርያም ነበሩ። ሦስተኛው አቡነ ተክለ ሃይማኖት አባ መላኩ ወልደ ሚካኤል፥ አቡነ ጳውሎስም አባ ገብረ መድኅን ወልደ ዮሐንስ ይባሉ ነበር። በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የሆኑት ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስም ቀድሞ መምህር ኃይለ ማርያም ነበሩ። በእነዚህ ሁሉ ላይ ስሙ የተለወጠው ቆብ ሲደፋ ሳይሆን አንብሮተ እድ ሲደረግ ነው። እንግዲህ የጳጳስን የዓለም ስም የሚፈልግ ሰው ወደ ገዳሙ ከመሄዱ በፊት የሹመቱን ዘመን ይያዝ፤ የሹመት ማስታወቂያና የዘመኑ ጋዜጣ ብዙውን ጊዜ አሮጌውንና አዲሱን ስም ባንድነት ጽፈው ይገኛሉና። ከዚያ ወዲህ ግን የአባት ስም እንኳ አይጻፍም፤ «አቡነ እገሌ» ብቻ ይሆናል። በዚህም ላይ ስመ ጵጵስናው የጥንት ቅዱሳን ስም ስለሆነ ይደጋገማል፤ ፓትርያርኩን ተክለ ሃይማኖትን ከደብረ ሊባኖሱ ጻድቅ ከተክለ ሃይማኖት የሚያሳስት ሰው ባይኖርም፥ ሁለት ጳጳሳት በተለያየ ጊዜ አንድ ስም ሲይዙ ግን ብዙ ሰው ሲሳሳት ታይቷል።

በጳጳሳት ዘንድ የሚቋረጠው የአባት ስም በተራው መነኵሴና በመነኵሲት ዘንድ ብዙ ጊዜ ሳይቋረጥ ይቀራል፤ ዋናው መፈለጊያም ይህ ነው። የእኛ አገር ሰው እንደ አውሮፓ ሰው የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ ሁለተኛው ስም የአባቱ የራሱ ስም ነው። ምንኵስና የልጁን ስም እንጂ የአባቱን ስም አይለውጥም። ስለዚህ የተለወጠውን ስም ትተን ያልተለወጠውን መከተል ይገባል።

ይህ በተግባር እንዴት እንደሚሆን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ኑሯቸው በአደባባይ የታወቀ ነውና። እኒህ እናት በፒያኖ ድርሰታቸው የታወቁ፥ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ለብዙ ዓመት ኖረው በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. ያረፉ ናቸው። አንድ ሰው በእጁ ያለው ይህ የምንኵስና ስም ብቻ ነው እንበል። «ጽጌ ማርያም» የሚለው ምንም አይመራውም፤ በዚህ ስም የሚጠሩ መነኵሳይያት ብዙ ናቸውና። «ገብሩ» የሚለውን ግን ይይዛል። ገብሩ ማን ነው? ስለ እርሳቸው ከተጻፈው ሁሉ የሚገኘው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የተባሉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የታወቁ መኰንን መሆናቸው ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠየቀው «የከንቲባ ገብሩ ሴቶች ልጆች እነማን ናቸው?» የሚለው ነው። አንዷ በ1950 ዓ.ም. ለፓርላማ የተመረጡት የመጀመሪያዋ ሴት ወይዘሮ ሥንዱ ገብሩ ናቸው። ሥንዱ ገና በልጅነት ወደ ስዊስ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ሲላኩ አብራቸው የሄደች ታናሽ እኅት ነበረች፤ ስሟም የውብዳር ነው።

ነገር ግን «የገብሩ ልጅ ናት» ማለት «ጽጌ ማርያም ናት» ማለት አይደለም፤ ከንቲባ ገብሩ ከአንድ በላይ ሴት ልጅ ነበራቸውና። ስለዚህ የዘመኑን ልክ መግጠም ያስፈልጋል። የውብዳር የተወለዱት በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታስረዋል፤ ከነጻነት በኋላ ሙዚቃ ለመማር ወደ ካይሮ ሄደዋል። የውብዳር የሚለው ስም እስከዚህ ድረስ ይሄዳል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ደግሞ በ21 ዓመታቸው ገደማ በግሸን ማርያም እንደ መነኰሱ ይታወቃል። ከ1916 ላይ 21 ቢጨመር 1937 ዓ.ም. አካባቢ ይመጣል፤ የየውብዳር ስም ከመዝገብ የሚጠፋበትና የጽጌ ማርያም የሚጀመርበት ዘመን ይገጥማል። ሙያውም አንድ ነው፤ አስቀድሞ ቫዮሊንና ፒያኖ የተማረች ልጅ፥ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር የፒያኖ ድርሰታቸውን በሸክላ ያሳተሙ መነኵሲት። አባት፥ ዘመንና ሙያ ሦስቱ ሲስማሙ የስሙ ጉዳይ ተፈጸመ ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢስማማ ግን ገና ግምት ነው።

በዚህ ፍለጋ ላይ ሁለት ነገር ያሰናክላል። አንደኛው የዘመን አቈጣጠር ነው፤ ከኢየሩሳሌምና ከአውሮፓ የሚመጣ ወረቀት በፈረንጅ አቈጣጠር ስለሚጻፍ፥ ሳያስተውሉ ከእኛው ጋር ቢያስተያዩት በ7 ወይም በ8 ዓመት ይሳሳታል፤ በዚህም ትክክለኛው ሰው «ዕድሜው አይገጥምም» ተብሎ ይጣላል። ሁለተኛው የላቲን ፊደል ነው። «ገብሩ» የሚለው አንድ ስም በፈረንሳዮች አጻጻፍ አንድ ዓይነት፥ በእንግሊዞች አጻጻፍ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። አባታቸው ራሳቸው በአውሮፓውያን ጽሑፍ ጎባው ደስታ ተብለው ይገኛሉ። ስለዚህ በመዝገብ ፊደል ተራ የሚፈልግ ሰው ስሙን በአንድ አጻጻፍ ፈልጎ «የለም» ከማለቱ በፊት የሌሎቹንም ተራ ይመልከት።

ወረቀት በሌለበት ወደ ገዳሙ መሄድ ነው። እዚያም የሚጠየቀው አስቀድሞ ስሙ አይደለም። «በዓለም ማን ይባሉ ነበር?» ብሎ መጀመር ነውር ነው፤ መልስም አያስገኝም። ከየት አገር እንደ መጡ፥ በየትኛው አበምኔት ዘመን እንደ ገቡ፥ ማን እንዳመነኰሳቸው ነው የሚጠየቀው። አገሩ ከታወቀ የተወለዱበት ደብር ይታወቃል፤ እዚያም ሽማግሌዎች «የእገሌ ልጅ በእገሌ ዓመት መንነው ወጡ» ብለው ያስታውሳሉ። ከገዳም የሚገኘው የመምጫ ዘመንና ከትውልድ አገር የሚገኘው የመውጫ ዘመን የሚገናኙበት ላይ ስሙ ይገኛል። የነፍስ አባትን ግን በምሥጢር ያወቀውን እንዲናገር ማስጨነቅ አይገባም።

ስለ ጥንት አባቶች ምንጫችን ገድል ነው፤ የልጅነት ስም የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ ስለ ልደቱ በሚናገረው መጀመሪያ ክፍል ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከክርስቶስ ሞዓና ከስነ ሕይወት ሲወለዱ ማዕቀበ እግዚእ ይባሉ እንደ ነበር፥ በገርዓልታ በአጎታቸው በአባ ዳንኤል እጅ ሲመነኵሱም ኤዎስጣቴዎስ እንደ ተባሉ ገድላቸው ይነግረናል። እዚህ ላይ ስሙን የለወጠው በእርግጥ ምንኵስና ነው። በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ግን ፍሥሐ ጽዮን የሚለው የልጅነት ስም የተለወጠው ገና ሳይመነኵሱ በመልአኩ ቃል ነው፤ ስለዚህ «የዓለም ስም» እና «ከምንኵስና በፊት የነበረ ስም» ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

በጥንቱ ጽሑፍ ላይ ከሁሉ የሚያሳስተው «ወለደ» የሚለው ቃል ነው። የመነኰሳት የትውልድ ሐረግ ከአባ እንጦንስ ጀምሮ በመቃርስና በጳኩሚስ አድርጎ እስከ አቡነ አረጋዊ፥ ከዚያም ወደ እኛ አገር ገዳማት ሲወርድ እያንዳንዱ ተከታዩን «ወለደ» ይላል። ይህ ልደት በቆብና በአስኬማ የሆነ ልደት ነው። ይህን የሥጋ አባት አድርጎ የወሰደ ሰው፥ ያ ያልተለወጠ መሪ ነው ያልነውን የአባት ስም በሐሰት ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። መለያውም እናት ናት፤ የሥጋ ልደት በሚነገርበት ስፍራ የእናት ስም ይጠራል፥ በምንኵስና ሐረግ ግን እናት አትጠራም።

ገድልም ቢሆን የሚሰጠው የያዘውን ያህል ነው። በ1672 እ.ኤ.አ. በመነኵሴው ገላውዴዎስ የተጻፈው የእናታችን የወለተ ጴጥሮስ ገድል አባታቸው ባሕር ሰገድ፥ እናታቸው ክርስቶስ ዕበያ፥ ባለቤታቸውም መልክአ ክርስቶስ እንደ ነበሩ ይናገራል። ወለተ ጴጥሮስ የሚለው ስም ግን በምንኵስና የመጣ ሳይሆን የክርስትና ስማቸው ነው፤ በጋብቻም በገዳምም የተጠሩት በዚሁ ነው። ስለዚህ በእርሳቸው ላይ ከምንኵስናው በስተ ኋላ ሌላ የተደበቀ ስም አለ ብሎ መፈለግ፥ ያልተቈለፈ በር ለመክፈት ቍልፍ መፈለግ ይሆናል።