ያልተገጠመ ዕቃ፣ ያልተቆረጠ ደረሰኝ

እንዲህ ያለ ጉዳይ እናስብ። አዲስ አበባ ውስጥ በአሮጌ ኮሮላ የትራንስፖርት ሥራ የሚሠራ ሰው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ስላስቸገረው መኪናውን ጋራዥ ያስገባል። «በሳምንት ውሰደው» ይባላል፤ በቴሌብር 10,000 ብር ቅድሚያ ይከፍላል። ሳምንቱ ስድስት ሳምንት ይሆናል። በመጨረሻ በብጫቂ ወረቀት ላይ የተጻፈ ሒሳብ ይቀርብለታል፦ ለፍሪሲዮን 20,000፣ ለፊት ፍሬን ሸራ 6,000፣ የእጅ ዋጋ 8,000፤ በድምሩ 34,000 ብር። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ግን የፍሬን ሸራው ያው የቀድሞው ነው። ደረሰኝ ሲጠይቅ «ከፈለግክ ቫቱን ጨምር» ይባላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቀሪውን 24,000 ከፍሎ መኪናውን ካወጣ በኋላ ስለ መብቱ መጠየቅ ይጀምራል። የኔ ክርክር ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት የሚል ነው፤ የዚህ ዓይነት ጉዳይ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት በሚደረገው ነገርና በሚጻፈው ወረቀት ነው።

ምክንያቱ የማስረዳት ሸክም ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት ይላል። ገንዘቡ ገና በባለመኪናው እጅ እያለ «ሸራ ገጥሜያለሁና 6,000 ይከፈለኝ» የሚለው ጋራዡ ስለሆነ፣ ሸራው መገዛቱንና መገጠሙን የሚያስረዳውም እሱ ነው። ከተከፈለ በኋላ ግን ሚናው ይለወጣል። ያላግባብ የተከፈለ ገንዘብ እንደሚመለስ ሕጉ በቁጥር 2164 ቢደነግግም፣ ጠያቂው አሁን ባለመኪናው ነው፤ ዕቃው አለመገጠሙንም እሱ ያስረዳል። ያልተደረገን ነገር ማስረዳት ደግሞ ከባድ ነው፤ መኪናው ከጋራዡ ወጥቶ ሁለት ወር ከሠራ በኋላማ ይብሳል።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «ካልከፈልኩ መኪናዬን አይለቁልኝም።» ተቃውሞው እውነት አለው። ቁጥር 1757 በሁለት ወገን ውል ውስጥ አንዱ የራሱን ሳይፈጽም ሌላውን ፈጽም ማለት እንደማይችል ስለሚናገር፣ ጋራዡ ለሠራው ሥራ እስኪከፈለው መኪናውን መያዙ መሠረት የሌለው አይደለም። ነገር ግን ይህ መያዣ የሚቆመው ለተሠራው ሥራ ብቻ ነው። ከእጅ ዋጋው ውስጥ 1,000 ብሩ ለሸራ መግጠሚያ ታስቦ ከሆነ፣ የማያከራክረው ሒሳብ 27,000 ነው፤ ከቅድሚያው ጋር ሲቀናነስ 17,000 ይቀራል። ባለመኪናው ይህን ገንዘብ ይዞ፣ ምስክር ባለበት ወይም በጽሑፍ «ይኸው፣ መኪናዬን ስጡኝ» ካለ በኋላ ጋራዡ መኪናውን የሚይዘው ላልገጠመው ዕቃ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ለሚደርሰው ኪሳራም ተጠያቂነቱን ራሱ ላይ ይጭናል። ሥራው አስገድዶት ሙሉውን ከፍሎ የሚያወጣ ሰውም ቢሆን ጥሬ ገንዘብ አይስጥ። በባንክ ያስተላልፍ፣ በዝውውሩ የምክንያት ቦታ ላይም «የሸራው 7,000 ብር በተቃውሞ የተከፈለ» ብሎ ይጻፍ። ይህች አጭር ጽሑፍ «ተስማምቶ ነው የከፈለው» የሚለውን መከላከያ ታዳክማለች።

ደረሰኝ የለኝምና ማስረጃ የለኝም የሚለው ሐሳብ የተሳሳተ ነው። መኪና የማስጠገን ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም፤ ስለዚህ በምስክር፣ በቴሌግራም መልእክት፣ በገንዘብ ዝውውር መዝገብ ሊረጋገጥ ይችላል። ያቺ ብጫቂ ወረቀት ራሷ የጋራዡ እጅ ጽሑፍ ናትና መጣል የለባትም። ስለ ሸራው ደግሞ መኪናው ራሱ ይመሰክራል። አዲስ የፍሬን ሸራ ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ያለቀ ሸራ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሲገባና ሲወጣ ፎቶ ከተነሣ፣ ስድስት ሳምንት የቆመ መኪና አዲስ ሸራ ሊጨርስ እንደማይችል ማንም ይገባዋል። ፍሪሲዮን ግን ካምቢዮ ሳይወርድ አይታይም። ስለዚህ አሮጌው ዲስክና የአዲሱ ካርቶን እንዲሰጠው መጠየቅ ያለበት ከመክፈሉ በፊት ነው፤ ከሶማሌ ተራ የተገዛ ዕቃ የሻጭ ደረሰኝ ካለውም እሱን ማየት ይገባል። ጥርጣሬው የሚታየው ከወጣ በኋላ ከሆነ፣ ሌላ መካኒክ ምንም ከመንካቱ በፊት ያየውን ከቀኑና ከቆጣሪው ንባብ ጋር ጽፎ ይፈርም። አስቀድሞ አስቀይሮ ኋላ ለመክሰስ የሚመጣ ሰው ማስረጃውን ራሱ አስወግዶታል።

ስለ መዘግየቱ ጋራዡ የሚያነሣው «ዕቃ ጠፋ» የሚል ነው፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ግን ዕቃ መጥፋቱን በወቅቱ አስታውቆ ባለመኪናው መኪናውን እንዲወስድ ወይም እንዲጠብቅ ምርጫ የሰጠ ጋራዥና ስልክ ሳያነሣ ስድስት ሳምንት የቆየ ጋራዥ አንድ አይደሉም። ባለመኪናውም የድርሻውን ማድረግ አለበት። በቁጥር 1772 መሠረት ውሉ አልተፈጸመም ለማለት በመርሕ ደረጃ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ በየቀኑ እየደወሉ መለመን ብዙ ጊዜ የዚህን ያህል ክብደት አያገኝም። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የገባበትን ቀን፣ የተባለውን ጊዜና አዲስ የመጨረሻ ቀን የያዘ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ፣ አንዱን ሰጥቶ በሌላው ላይ ማስፈረም በቂ ነው። አልቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላክ። መኪናው የገቢ ምንጭ መሆኑ ገና ሲገባ ለጋራዡ ተነግሮ ከነበረ፣ የቀረበትን ገቢ በቁጥር 1801 መነሻነት መጠየቅ ይቻላል። ያልተነገረ ከሆነ ይህ ጥያቄ ይጠብባል።

የደረሰኙ ነገር ሁለት መልክ አለው። ለሰጠው አገልግሎት ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ መሆኑ በግብር ሕጉም፣ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ውስጥም አለ። አቤቱታ ለገቢዎችና ለከተማው ንግድ ቢሮ ማቅረብ ይቻላል። ሆኖም ለገቢዎች የሚቀርብ ጥቆማ የሚያስከትለው ቅጣት ለመንግሥት የሚገባ ነው፤ የባለመኪናውን 7,000 ብር አያስመልስም። ይህን ሳያውቁ ጥቆማውን ብቻ አቅርበው የሚጠብቁ ሰዎች ጊዜያቸውን ያጣሉ። «ያለ ደረሰኝ ይቀነስልህ» ሲባል እሺ ያለ ሰውም ገንዘቡን ለማስመለስ ያለው መብት በዚህ ብቻ አይጠፋም፤ ግን ዳኛ ፊት የሚቆመው ንጹሕ ሆኖ አይደለም፣ ጠበቃውም ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ፖሊስ ጋ መሄድስ? ዕቃው እንዳልተገጠመ እያወቀ ተገጥሟል ብሎ ገንዘብ መቀበል በወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 የማታለል ወንጀል ሊሆን ይችላል። የሚያስቸግረው ማወቁን ማረጋገጥ ነው፤ ሠራተኛው ረስቶት ወይም የሌላ መኪና ሒሳብ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላልና። አሮጌውን ሸራ ቀብቶ አዲስ ያስመሰለ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያለዚህ ዓይነት ምልክት ፖሊስ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ቢል ብዙ አይፈረድበትም። በእንዲህ ያለ መጠን ዋናው መንገድ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ክሱም የሸራውን ዋጋና የመግጠሚያውን፣ ከማስጠንቀቂያው በኋላ የቀረውን ገቢ፣ ወጪና ኪሳራን ለየብቻ ይጠይቅ። ሁሉም በአንድ ድምር ከቀረበ፣ የገቢው ክፍል ሳይረጋገጥ ሲቀር የሸራውንም ይዞት ሊወድቅ ይችላል።